«ያልተከለከለ ያልሆነው የቱ ነው?»

ላንቻ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ከሚገኝ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የመኪና ጥሩንባና የረዳቶች ጥሪ በተከፈተው መስኮት ይገባል። ነጩ ሰሌዳ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጽፏል፤ «ከሚከተሉት ውስጥ መቅደም ያልተከለከለበት ቦታ ያልሆነው የቱ ነው?»

ሀ. እይታው ክፍት በሆነ፣ የተቆራረጠ መስመር ባለበት ቀጥ ያለ መንገድ
ለ. በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያስኬድ ባለ ሁለት ረድፍ መንገድ
ሐ. በእግረኛ ማቋረጫ ላይ
መ. ከፊት ያለው መኪና ቀኙን ይዞ በሚያሳልፍበት ሰፊና ነጻ መንገድ

ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት «ሀ ነው!» አለ። በሚኒባስ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኖ የሚሠራ ልጅ ነው። ሾፌሮች የት ቀድመው የት እንደሚቀጡ በየቀኑ ያያል። አሰልጣኙ ወደ እሱ ዞር ብለው፣ «ዜብራ ላይ እንደማይቀደም ታውቃለህ?» አሉት።

«ኧረ ቲቸር፣ እሱማ!»

«ታዲያ ለምን ሀ አልክ?»

«ያልተከለከለ ይላላ።»

ክፍሉ ሳቀ፤ ግን ከሳቁት ግማሾቹ ደብተራቸው ላይ የጻፉት መልስ ከልጁ አይለይም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። ልጁ ሕጉን ያውቃል። የወደቀው መንገዱ ላይ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው። ጥያቄው የሚጠይቀው ክልክሉን ቦታ ነው፤ መልሱም ሐ ነው። እሱ ግን «ያልተከለከለ» ላይ ሲደርስ ማንበቡን አቆመ።

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጣሊያኑ የመኪና ፋብሪካ እንደሆነ ይነገራል። መንጃ ፈቃድ ፈላጊዎች ስለ መኪና ሲከራከሩ ለመስማት ከላንቻ የሚሻል ቦታ ያለ አይመስለኝም። ከ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ቀላል ባቡር እዚህ ጣቢያ ስላለው፣ ከሳሪስም ከስታዲየምም የሚመጣ ሰልጣኝ በቀላሉ ይደርሳል። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ሰልጥኖ በንድፈ ሐሳብም በተግባርም መፈተን አለበት። የንድፈ ሐሳቡ ፈተና አዲስ አበባ ውስጥ በኮምፒውተር ይሰጣል። የመሪ አያያዝ፣ የፍሪሲዮን አለቃቀቅ፣ ወደ ኋላ ገብቶ ማቆም ሁሉም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። መጀመሪያ አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ይጠብቃል።

በዚህ ጽሑፍ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ከፈተና ቋት የወጡ አይደሉም። አሰልጣኙ ለክፍላቸው የጻፏቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹን ደግሞ እኔ በእነሱ አምሳል አዘጋጅቻለሁ።

ወደ ሰሌዳው ጥያቄ እንመለስ። አሰልጣኙ ምርጫዎቹን በመዳፋቸው ሸፈኑና «አሁን ከኋላ አንብቡልኝ» አሉ። ቀልድ ቢመስልም ምክንያት አለው። በአማርኛ ግሱ የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ የሚወስነው ቃልም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መጨረሻ ላይ ተወሽቋል፤ «ትክክል የሆነው»፣ «ትክክል ያልሆነው»፣ «የሚፈቀደው»፣ «የማይፈቀደው»። «የሚ» እና «የማይ» በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የተፈተነ ያውቃል። አንባቢው ደግሞ «በመስቀለኛ መንገድ ላይ ቅድሚያ…» የሚለውን እንዳየ ዓይኑ ወደ ምርጫዎቹ ይሮጣል፤ እውነት የሆነውን የመጀመሪያ ምርጫ ሲያገኝም ይጫነዋል። ጥያቄው ስህተቱን ከፈለገ ነጥቡ እዚያው ሄደ።

አሉታ ከባድ የሚሆነው ለእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዌይሰን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን ስለ ሙሉና ጎዶሎ ቁጥሮች በሚናገሩ ዓረፍተ ነገሮች ፈትኗል። «ይህ ቁጥር ሙሉ ነው» የሚለውንና «ይህ ቁጥር ሙሉ አይደለም» የሚለውን ማንም ይረዳቸዋል፤ ሆኖም በአሉታው ዓረፍተ ነገር ላይ መልስ ለመስጠት ሰዎች ረዘም ያለ ጊዜ ወስደዋል። ይህ በአንድ አሉታ ነው። ሁለትና ሦስት ሲደራረብ ሰው መቁጠሩን ይተውና መገመት ይጀምራል።

አሰልጣኙ መገመትን የሚከለክሉት በመቁጠር ነው። «መቅደም ያልተከለከለበት ቦታ ያልሆነው» በሚለው ውስጥ «ያል» ሁለት ጊዜ አለ። ሁለት አሉታ ይጣፋል ብሎ የተማረ ሰው ሁለቱንም ይሰርዝና «መቅደም የተከለከለበት ቦታ የሆነው» የሚለውን ያገኛል። ትክክል ነው። ብዙዎች የሚስቱት ግን ሦስተኛውን ነው። «መከልከል» ራሱ ምንም «አል» ሳይለጠፍበት አሉታ ያረገዘ ቃል ነው፤ «አለመፍቀድ» ማለት ነውና። ሦስት አሉታ ጎዶሎ ስለሆነ ጥያቄው የሚፈልገው መቅደም የማይቻልበትን ቦታ ነው። ቁጥሩ ሙሉ ቢሆን ኖሮ የሚቻልበትን ይፈልግ ነበር። ሲቆጠሩ የሚዘለሉት እንዲህ ያሉት ስውር ቃላት ናቸው፤ «መከልከል»፣ «መቆጠብ»፣ «መታገድ»፣ «ያለ» (ያለ ፍሬቻ እንደሚባለው)፣ እንዲሁም ከሁሉም በላይ «በስተቀር»።

በስተቀር ላይ ትንሽ እንቆይ። «ከአንዱ በስተቀር ሁሉም አሽከርካሪ ማድረግ የሌለበት ነው» የሚል ጥያቄ ቀርቦ፣ ምርጫዎቹ በእጅ ስልክ እያወሩ መንዳት፣ ረድፍ ከመቀየር በፊት ስፖኪዮ ማየት፣ ቀበቶ ሳያስሩ መነሳት፣ ፍሬቻ ሳያበሩ መታጠፍ ናቸው እንበል። «የሌለበት» አንድ፣ «በስተቀር» ሁለት። ሙሉ ሆነ፤ ስለዚህ የሚፈለገው መደረግ ያለበት ነገር፣ ስፖኪዮውን ማየት ነው። ምርጫዎቹ ውስጥ ያለው «ሳያስሩ» እና «ሳያበሩ» ግን በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም። ሰልጣኞች የጥያቄውንና የምርጫውን አሉታ አንድ ላይ ደምረው የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጥያቄው ለብቻው ተቆጥሮ ወደ አጭር አነጋገር ይለወጣል፤ «የሚገባው የቱ ነው?» ወይም «የማይገባው የቱ ነው?» ይባላል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ምርጫ ለብቻው ይነበብና «ይገባል» ወይም «አይገባም» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ሦስቱ አንድ ዓይነት ምልክት ይዘው አንዱ ከተለየ መልሱ እሱ ነው። ሁለትና ሁለት ከሆኑ አንዱን ምርጫ በተሳሳተ መንገድ አንብበነዋል ማለት ነው፤ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ስህተቱን ራሱ ማሳበቁ ነው። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚል ምርጫ ካለም ምልክቶቹ ይፈርዳሉ፤ ጥያቄው አሉታ ከሆነ ያ ምርጫ የሚመረጠው ሦስቱም «አይገባም» ሲሆኑ ብቻ ነው።

አንድ የአሉታ ዓይነት ግን በመቁጠር ብቻ አይፈታም። የመንገድ ደንቦቻችን «ይህ ካልሆነ በስተቀር ያ አይደረግም» በሚል አነጋገር የተሞሉ ናቸው። «አሽከርካሪ መንገዱ ነጻ መሆኑን ካላረጋገጠ በስተቀር መቅደም አይችልም» የሚለውን እንውሰድ። ትርጉሙ ማረጋገጥ ግዴታ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ «ከዚህ ምን እንረዳለን?» የሚል ጥያቄ ይመጣና ከምርጫዎቹ አንዱ «መንገዱ ነጻ ከሆነ አሽከርካሪ መቅደም ይችላል» ይላል። ልብ ብሎ ላላነበበ ያው ነገር ይመስላል። አይደለም። ከፊት አንድም መኪና ባይመጣ እንኳ መሐል ላይ ያልተቆራረጠ መስመር ከተሰመረ መስመሩን አልፎ መቅደም ክልክል ነው። መንገዱ ነጻ መሆኑ ለመቅደም የሚያስፈልግ ሁኔታ ነው፤ ብቻውን ግን ፈቃድ አይሰጥም። «ካልሆነ በስተቀር አይቻልም» የሚለው «ከዚህ ያነሰ አይበቃም» ይላል እንጂ «ይህ ይበቃል» አይልም። እንደ እኔ ግምት አስተዋይ ሰልጣኞችን የሚጥለው ይህ ነው፤ እነሱ ከሁለቱ «ያል» ያመልጡና እዚህ ይያዛሉ።

ሰልጣኞቹ ለዕረፍት ሲወጡ አንዱ በእጁ የያዘውን የፎቶ ኮፒ ወረቀት አሳየኝ። በጥያቄና መልሱ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ «ሁልጊዜ፣ በፍጹም፣ ብቻ ካለ ስህተት ነው» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ምክር ከትምህርት ቤት የመጣ ነው፤ መሠረት የለውም አይባልም። ታሪክ ወይም ባዮሎጂ የሚያስተምር መምህር የሐሰት ምርጫ ሲያዘጋጅ «ሁልጊዜ» ጨምሮ ማጥመም ይቀለዋል፤ ዓለም በልዩ ሁኔታ የተሞላች ናትና። በመንገድ ሥነ ሥርዓት ግን ምክሩ አደገኛ ነው። ሕግ በባሕሪው ፍጹም አነጋገር ይወዳል። የክልከላ ምልክት «በአብዛኛው አትግባ» አይልም።

ከዕረፍት በኋላ አሰልጣኙ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፤ ለእያንዳንዱም እውነት ወይም ሐሰት በሉ አሉ። የመጀመሪያው «አረንጓዴ መብራት የበራለት አሽከርካሪ ሁልጊዜ ማለፍ ይችላል» ይላል። ረዳቱ ልጅ ወዲያው እጁን አወጣ። «ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ ካቆመኝስ?» አለ። ሌላዋ ቀጠለች፤ «አምቡላንስ ሳይረን እያሰማ ከመጣ።» ሌላው ደግሞ «እግረኛው መሻገሩን ሳይጨርስ መብራቱ ቢቀየር» አለ። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ ቢገኝ «ሁልጊዜ» ይፈርሳል፤ እነሱ ሦስት አገኙ። ሐሰት ነው።

ሁለተኛው ከመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ነው፤ «ራሱን ለሳተ ተጎጂ የሚጠጣ ነገር በፍጹም አይሰጥም።» ክፍሉ በምክሩ መሠረት «ሐሰት!» አለ። አሰልጣኙ «እሺ፣ የሚሰጥበትን ሁኔታ ንገሩኝ» አሉ። አንዱ ውሃ የጠማው ከሆነ አለ፤ ሌላው ስኳር በሽታ ካለበት አለ። ራሱን የሳተ ሰው ግን መዋጥ አይችልም፤ የተሰጠው ፈሳሽ ወደ መተንፈሻው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል፤ ስኳር ያለበትም ቢሆን። ፈልገው ፈልገው አጡ። እንግዲያው «በፍጹም» ቦታውን አግኝቷል፤ እውነት ነው።

ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር መንታ ይመስላል፤ «በአደጋ የተጎዳን ሰው ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ከቦታው በፍጹም ማንቀሳቀስ አይገባም።» አሁን ሁሉም «እውነት» አሉ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ፣ በአርባዎቹ ውስጥ የሚገኙ ሴት በተለይ ጠንከር አሉ። «አከርካሪው ተሰብሮ ቢሆንስ ቲቸር? ብንጎትተው ሽባ እናደርገዋለን።»

«ደንቡ የወጣው ለዚያ ነው እትዬ። ግን መኪናው እሳት ቢይዝስ?»

ዝም አሉ። «አወጣዋለኋ» አሉ ቆየት ብለው።

ሐሰት ነው። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ስለ ተጎጂ ይናገራሉ፤ ሁለቱም «በፍጹም» አለባቸው፤ አንዱ እውነት፣ ሌላው ሐሰት ነው። ቃሉ መልሱን አይነግርም። የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው፤ አንባቢውን «ይህን የሚያፈርስ አንድ ሁኔታ አለ?» ብሎ እንዲፈልግ ያዘዋል። ፍለጋው የሚካሄደው ደግሞ በተማሩት ሕግና ተጨባጭ በሆነ መንገድ ላይ ነው፤ ከሕግም ከመንገድም ውጭ ያለ ተረት እየፈጠሩ ማፍረስ አይቻልም። አሰልጣኙ ለመሳቂያ ያህል «መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው በማንኛውም ሁኔታ መኪና ማሽከርከር አይችልም» የሚል ጨመሩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ እውነት ካለ በኋላ «ነገ ጠዋት በማሰልጠኛው መኪና ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ልዩ ሁኔታ ከመፈለግ በፊት ጥያቄው ራሱ የዘጋውን በር ማየት ያስፈልጋል። «በቀይ መብራት ሁልጊዜ መቆም ያስፈልጋል» የሚለውን የትራፊክ ፖሊስ ምልክት ሊያፈርሰው ይችላል፤ የፖሊሱ ምልክት ከመብራቱ ይበልጣልና። ጥያቄው ግን «ትራፊክ ፖሊስ በሌለበት መስቀለኛ መንገድ፣ የቤት አውቶሞቢል የያዘ አሽከርካሪ» ብሎ ከጀመረ ያ በር ተዘግቷል። አንድን ምርጫ ከሐሰት ወደ እውነት የሚቀይሩት ሰው እንደ መግቢያ ቆጥሮ የሚያልፋቸው እነዚህ ቃላት ናቸው። ብዙ ያነበበ ሰልጣኝ የሚሳሳተው አንዳንዴ እዚህ ነው፤ ጥያቄው ያስወጣውን ፖሊስ መልሶ ያስገባዋል።

ለስላሳ ቃላትም እንደ ጠንካሮቹ ያጠምዳሉ። ያ የፎቶ ኮፒ ምክር ሰውን ወደ «በአብዛኛው»፣ «እንደ ሁኔታው»፣ «በተቻለ መጠን» ይገፋዋል። «በዜብራ ላይ በመሻገር ላይ ላለ እግረኛ እንደ ሁኔታው ቅድሚያ ይሰጣል» የሚለው ጨዋ ይመስላል፤ ነገር ግን ግዴታን ወደ ፈቃድ አውርዶታል፤ ስለዚህ ስህተት ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ጥፋቱን ወደ ተፈታኙ ያዘነበለ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን በድርብ አሉታ የተጻፈ ጥያቄ የሚለካው ማንበብን ነው፤ መንዳትን አይደለም። ቶማስ ሃላዲና፣ ስቲቨን ዳውኒንግና ማይክል ሮድሪጌዝ እ.ኤ.አ. በ2002 የምርጫ ጥያቄ አጻጻፍ መመሪያዎችን መርምረው ባሳተሙት ሥራ፣ ጥያቄ በቀና አነጋገር ይጻፍ፤ አሉታ ካስፈለገም ቃሉ ጎልቶ ይታይ ይላል። በላቲን ፊደል የሚጽፉ አሉታውን በትላልቅ ፊደላት ያጎሉታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ማስመር ወይም ማድመቅ ይቀረናል። አሰልጣኙ የመጀመሪያውን ጥያቄ አጥፍተው በቦታው «መቅደም የተከለከለው የት ነው?» ብለው ሲጽፉ ክፍሉ ሳያስብ «ሐ» አለ። የሚፈተነው ዕውቀት ያው ነው፤ የተረፈው ትንፋሽ ነው።

አሉታም «ሁልጊዜ»ም በሌሉበት የሚያጠምድ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ይህ ከፊደላችን የሚመጣ ነው። «በአደባባይ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው የትኛው ተሽከርካሪ ነው?» ምርጫ ሀ «ወደ አደባባዩ ለመግባት የተቃረበው» ይላል፤ ምርጫ ለ «በአደባባዩ ውስጥ ያለው»። እትዬ ሀ አሉ፤ ረዳቱ ለ አለ። ሁለቱም ሕጉን በትክክል ያውቁታል፤ ውስጥ ያለው ያልፋል፣ የሚገባው ይጠብቃል። የተለያዩት በድምፅ ነው። «የሚሰጠው» ሲላላ ቅድሚያውን ለሌላ የሚለቀው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ቅድሚያውን የሚያገኘው ይሆናል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ በጽሑፍ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው «እንደዚያ አይነበብም» እያለ ትንሽ ተከራከሩ።

«ታዲያ ፈተና ላይ ሲመጣ ምን ላድርግ?» አሉ እትዬ።

አሰልጣኙ ሰሌዳውን ትተው ወደ እሳቸው ቀረቡ። «አጥብቀው ያንብቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ታስቦ ነው የሚጻፈው። ከዚያ ሌሎቹን ምርጫዎች ይዩ። ሁሉም አላፊውን የሚገልጹ ከሆነ፣ ማለትም አምቡላንስ፣ እግረኛ፣ ውስጥ ያለው መኪና ካሉ፣ ጠብቆ ነው የሚነበበው። ‹የሚሰጠው› ቀርቶ ‹የሚያገኘው› ብሎ የጻፈ ካጋጠመዎት ደግሞ ያመስግኑት።»

ረዳቱ ልጅ ከኋላ ሆኖ ጥያቄውን አንድ ጊዜ አጥብቆ፣ አንድ ጊዜ አላልቶ ለራሱ አነበበው፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ አለፈ፤ «አሽከርካሪ ከሚከተሉት የማይቆጠበው…»